ጋሽ ባየ ትንፋሻቸውን የቀነሱበት ዓመት

ስለ ሙዚቃ መጻፍ የማይገባው ሰው ቢፈለግ የመጀመሪያው እኔ ነኝ። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ስሜ ከድር ነው፤ ስዘፍን እናቴ እንኳ «ተው ልጄ» ትለኝ ነበር። በዚያ ላይ የ1999 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ሙዚቃ ከትምህርት ቤታችን ተነቅሎ እንዲጠፋ ከልቤ የተመኘሁባቸው ናቸው። ክፍሌን ከጋሽ ባየ ክፍል የሚለየው አንድ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነበራ። ይህን ታሪክ የምጽፈው ግን ያን ጊዜ ከነበርነው ሰዎች ሁሉ ጣውላው አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ጋሽ ባየ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበሩ። ቁመታቸው በር ይሞላል፤ ድምፃቸው ደግሞ ግቢ አይበቃውም። ሚዛን ገበያ ላይ ቆመው «ደህና ዋላችሁ» ቢሉ ጎረቤት ከተማ አማን ያለ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል እያልን እንቀልድባቸው ነበር። ከበሩ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት የሚደውሉት እርሳቸው ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር ቸርኬው ባይኖርም ትምህርት ቤቱ በሰዓቱ ይገባና ይወጣ ነበር።

ድሮ በአንድ ክፍለ ጦር የማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፉ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን ባለቤታቸውን እትዬ ማናልሞሽን ይዘው ሚዛን ወዳለው የሚስታቸው ወንድም ዘንድ መጡ። ትራምፔቱ የሠራዊቱ ንብረት ስለነበር እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት በር ጠበቁ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ጎብኚ ከካርቶን ጋር መጥቶ ካርቶኑን ጥሎ በሄደ ቀን ነው። ካርቶኑ ውስጥ አርባ ሪከርደር ነበር፤ ሪከርደር ማለት አፉ እንደ ወፍ ምንቃር የሾለ፣ ከፊት ሰባት፣ ከኋላ አንድ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ዋሽንት ነው። አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ ጽሑፍ የለም፤ የትኛው ቀዳዳ ተዘግቶ የትኛው እንደሚከፈት የሚያሳዩ ጥቁርና ነጭ ክቦች ብቻ ተደርድረውበታል። መምህራን በሙሉ ዕቃውን አገላብጠን አየነው። ከመካከላችን አንድም የሚያውቀው አልነበረም። በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ የነበሩት ጋሽ ባየ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «የሚነፋ ነገር ከሆነ እኔ አለሁ» አሉ።

ርዕሰ መምህራችን አቶ ዓለምሰገድ ክራባት የማይለያቸው፣ ጩኸት የማይወዱ ወጣት ሰው ነበሩ። አሰቡ፣ አሰቡና አንድ ውል አቀረቡ። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ለጋሽ ባየ ይሰጣል። ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን ልጆቹ በእንግዶች ፊት አንድም ጩኸት ሳያሰሙ ከተጫወቱ፣ ጋሽ ባየ ከበሩ ተነስተው ረዳት የሙዚቃ መምህር ሆነው ይመደባሉ። አንዲት ጩኸት ከወጣች ግን ሪከርደሮቹ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ጋሽ ባየ ወደ በራቸው፣ ሁለቱ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ወደ እኔ። ሒሳብ ሁልጊዜ ጊዜ ያንሰዋል፤ እኔም ውሉን ስሰማ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ጋሽ ባየ ግን ያን ቀን አመሻሽ ላይ እየዘጋን ስንወጣ አስቆሙኝና ሊረሳኝ ያልቻለ ነገር ተናገሩ። «ከድር፣ በዚህ ግቢ አሥራ አምስት ዓመት ስኖር ምን ትችላለህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። የምችለው አንድ ነገር ነው። እሱም ከእኔ ጋር ከሚቀበር ልጆቹ ላይ ቢቀር ምን አለበት?»

እጃቸውን ጨበጥኩ። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ትምህርቱ ተጀመረ፤ እኔም በመጨበጤ ተጸጸትኩ።

አርባ ሕፃን ደረቱን ነፍቶ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ «ከሆድ! ከሆድ አምጡት!» እየተባለ አርባ ፕላስቲክ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሲተነፍስ ምን እንደሚመስል የሰማ ያውቀዋል። ጥቁር ሰሌዳዬ ላይ የነበረው ጠመኔ ወደቀ። የእኔ ተማሪዎች ግማሹ ጆሮውን ያዘ፣ ግማሹ ከጠረጴዛ በታች ገባ። የጎረቤት አናጢ መዶሻውን እንደያዘ እየሮጠ መጥቶ ምን እያረድን እንደሆነ ጠየቀ። በቆሎአችንን ስትዘርፍ የኖረችው ጦጣ ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግቢያችንን አልረገጠችም፤ ስለዚህ ጥቅም የለውም ለማለት አልደፍርም።

ጋሽ ባየ የሚያስተምሩት ትራምፔት ነበር። ትራምፔት ከንፈርንም ሳንባንም ይፈልጋል፤ ትንፋሽ ሲጨምሩለት ይደምቃል። ምላስም እንደ ትእዛዝ ጠበቅ ብላ ትመታለች፤ ልጆቹን «ጡ! ጡ! ጡ!» ያሰኟቸው ነበር። ጣትም ቢሆን የትራምፔትን ቁልፍ የሚጫነው በጫፉ ቆሞ ነው። ልጆቹም በጣታቸው ጫፍ ቀዳዳዎቹን እንደ ቁልፍ ይጫኑ ነበር። ይህ ሁሉ በትራምፔት ላይ ትክክል ነው። በሪከርደር ላይ ግን ሦስቱም ጩኸት ይወልዳሉ። ይህን ያኔ አንዳችንም አናውቅም፤ ጋሽ ባየ ችግሩን ሁሉ በፕላስቲኩ ላይ ያሳብቡ ነበር።

ከሁሉም የምትብሰው ንጋቷ ነበረች። ንጋቷ ከሸዋ ቤንች ወረዳ ገጠር መጥታ አክስቷ ዘንድ የምትማር፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከቡና ማሳ ውስጥ ሰው እየጠራች ያደገች ስለሆነች ሳንባዋ የዋዛ አይደለም። ጋሽ ባየ እርሷን ሲያዩ ወጣትነታቸው የተመለሰላቸው ይመስል ይፈነድቁ ነበር። «ይቺ ልጅ ባንድ ትመራለች» ይላሉ። እኔ ደግሞ በጣውላው በኩል የእርሷን ድምፅ ለይቼ አውቀው ነበር፤ ጥርሴን ያመኝ ነበራ።

ጥር ላይ መቋቋም አቃተኝ። አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ በልቤ ንግግር አዘጋጅቼ፣ ቤታቸው ሄድኩ። ንግግሩ ሦስት ነጥቦች ነበሩት። እትዬ ማናልሞሽ በሩ ላይ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተቀበሉኝ። ጎረቤታቸው አማን ባለ ጤና ተቋም የምትሠራ እናት ስለሆነች ሕፃኗን ይትባረክን ቀን ቀን የሚጠብቁላት እርሳቸው ናቸው፤ ሕፃኑም ገና መተኛቱ ነበር። ጋሽ ባየ አልጋው አጠገብ ሪከርደር ይዘው ቁጭ ብለዋል፤ ለመንፋት እጃቸውን እንደበላቸው ከሩቅ ያስታውቃል።

«ልጁን ከቀሰቀስከው አንተም ይሄ ነገርህም ውጭ ትውላላችሁ» አሉ እትዬ ማናልሞሽ በሹክሹክታ፤ ወደ ጓዳ ገቡ።

ጋሽ ባየ ሚስታቸውን ይፈራሉ፤ መንፋቱን ግን መተው አይችሉም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ መንገድ መረጡ፤ ሪከርደሩን አፋቸው ላይ አድርገው መስታወት የሚያደበዝዝ ያህል ትንፋሽ ብቻ ለቀቁበት። እኔ ንግግሬን ልጀምር አፌን ከፍቼ ነበር፤ እንደተከፈተ ቀረ። የወጣው ድምፅ ክብ፣ ለስላሳና ሞቅ ያለ ነበር። ጋሽ ባየ ሪከርደሩን ከአፋቸው አውጥተው ውስጡን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አንተ ነህ?» አሉኝ።

እኔ እንዳልሆንኩ ማልኩላቸው። ደገሙት። ሕፃኑ አልተንቀሳቀሰም። ሦስተኛው ላይ ደስታው በዛባቸውና የድሮው ትራምፔት ነፊ ብቅ አለ፤ ትንፋሽ ጨመሩ። ጩኸቷ እንደተለመደው ወጣች። ሕፃኑም ከእርሷ የሚበልጥ ጩኸት አወጣ። እትዬ ማናልሞሽ ከጓዳ ሲመጡ ጋሽ ባየ ሕፃኑን አንስተው፣ ቤቱን እየዞሩ፣ ያ ሁሉ ደረት እንዳለ ጎብጦ «ዱ ዱ ዱ፣ ዱ ዱ ዱ» እያሉ ያባብሉ ነበር። እኔም ሳቄን ለማፈን ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ድንገት ቀጥ ብለው ቆሙ። «ከድር፣ ምላሴ ምን እያደረገች ነው?»

እንዲያው ለጨዋታ መስሎኝ እኔም «ዱ» አልኩ። የምላስ ጫፍ ከላይ ጥርስ ኋላ ያለውን ድድ ነካ ታደርግና ትለቃለች፤ ምንም ዓይነት ምት የለውም። «ጡ» ስል ግን ትንፋሹ ታፍኖ ቆይቶ ይፈነዳል። ጋሽ ባየ ሕፃኑን ለሚስታቸው ሰጥተው፣ ይቅርታ እየጠየቁ፣ እየተሽኮረመሙ፣ ሪከርደሩን አንስተው በትንሽ ትንፋሽ «ዱ ዱ ዱ» ነፉበት። ሦስት ድምፅ ወጣ፤ አንዱ ከሌላው ተለይቶ፣ ግን ሳይቆራረጥ። ይትባረክ ማልቀሱን ትቶ አፈጠጠ። እትዬ ማናልሞሽም አፈጠጡ። በትዳር ዘመናቸው ባላቸው ሲነፉ ጆሯቸውን ሳይይዙ የሰሙት ያን ቀን መሆኑን ነገሩኝ።

ወደ ታችኞቹ ድምፆች ሲወርዱ ግን፣ ብዙ ቀዳዳ መዘጋት ሲኖርበት፣ ጩኸቱ እየሾለከ ይመጣል። ትንፋሹ ትንሽ ነው፣ ምላሱ ለስላሳ ነው፤ ታዲያ ምን ቀረ? ጋሽ ባየ ተናደው ሪከርደሩን ጭናቸው ላይ አኖሩና መዳፋቸውን ዘረጉ። ጣቶቻቸው ላይ የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ታትሟል። እዚህ ላይ ሒሳብ ለሙዚቃ አንድ ውለታ ዋለ። ጣቶቻቸውን ይዤ ተመለከትኩና ምልክቶቹ ግማሽ ክብ መሆናቸውን አሳየኋቸው። ቀዳዳው ሙሉ ክብ ነው፤ ጣቱ ላይ የታተመው ግማሽ ከሆነ ሌላው ግማሽ ክፍት ነበር ማለት ነው። አየሩ በዚያ ይወጣል፤ ሪከርደሩም ይጮሃል። የጣታቸውን ጫፍ ትተው፣ ከጫፉ ዝቅ ያለውን ለስላሳ ሥጋ፣ ጣቱን ቀለል አድርገው ዘርግተው አስተኙበት። የኋላውን ቀዳዳ በአውራ ጣት ሸፈኑ። «ሬ» የምትባለው ታችኛዋ ድምፅ እንደ በሰለ ማንጎ ዱብ አለች።

ያዘጋጀሁት ንግግር ሳይነገር ቀረ። ይልቁንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እዚያው ቆየሁ።

ማስተማር ከባድ ከሆነ፣ የተማሩትን ማስረሳት ደግሞ የባሰ ነው። ጋሽ ባየ ለሁለት ሳምንት ሪከርደር መንፋት ከለከሉ። እያንዳንዱ ልጅ ከደብተሩ አንድ ቀጭን ወረቀት ቀዶ በአፉ ፊት ይይዛል፤ ወረቀቱ በትንፋሹ ዘንበል ብሎ፣ ሳይወድቅም ሳይንቀጠቀጥም፣ ጋሽ ባየ እስከ ስምንት እስኪቆጥሩ እንዲያው እንዳለ መቆየት አለበት። ንፋሱ መጀመሪያ ላይ ብዙ፣ መጨረሻ ላይ ባዶ ከሆነ ወረቀቱ ራሱ ይመሰክራል። ከዚያ ምላስ ተጨመረ፤ ክፍሉ በሙሉ በሹክሹክታ «ዱ ዱ ዱ» ሲል በጣውላው በኩል ይሰማኛል። ተማሪዎቼ ደግሞ ክፍልፋይ እየሠሩ አብረው «ዱ ዱ» ይላሉ። ተቆጣሁ፤ ብዙም አልጠቀመኝም።

ፍተሻም ተጀመረ፤ ፈታሹ እኔ ሆንኩ። በየክፍለ ጊዜው ማብቂያ ልጆቹ ተሰልፈው ጣታቸውን ያሳዩኛል። ሙሉ ክብ ያለው ያልፋል፤ ጨረቃ የመሰለ የታተመበት ይመለሳል። ማንጎና ሸንኮራ በልቶ የሚመጣ ደግሞ አፉን ሳይጉመጠመጥ ሪከርደር አይሰጠውም፤ አንዴ የማንጎ ክር ምንቃሩ ውስጥ ገብቶ በእንጨት ስናወጣ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብናል። ጋሽ ባየ በበሩ በሚገባና በሚወጣ ሰው ሁሉ ላይ መጮህ ትተው ነበር። ደወሉንም ቀስ እያሉ ስለመቱት ሁለት ጊዜ ሰልፍ አመለጠን።

ንጋቷ ግን አልሆነላትም። ወረቀቷ ይቀደዳል እንጂ ዘንበል አይልም። በየቀኑ ትሞክራለች፣ በየቀኑ ትጮሃለች፣ በየቀኑ ታለቅሳለች። ጋሽ ባየ ለወላጆች ቀን ዜማ ራሳቸው ደርሰው ነበር፤ አምስት ድምፅ ብቻ ያለው፣ መጨረሻ ላይ ወደ ታችኛዋ «ሬ» የሚወርድ። ሬ ከፊት ስድስት ቀዳዳ፣ ከኋላም አንዱን ታስዘጋለች፤ ትንፋሽ ትንሽ ከበዛባት ወዲያው ወደ ላይ ዘላ ትጮሃለች። አቶ ዓለምሰገድ ልምምዱን አይተው ንጋቷ ብትቀርስ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። እኔም፣ አፈር ልብላ፣ በልቤ ተስማማሁ። ጋሽ ባየ ግን ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ያበላሿት እርሳቸው ስለሆኑ የሚያስተካክሏትም እርሳቸው መሆናቸውን፣ እርሷ ከቀረች እርሳቸውም እንደሚቀሩ ተናገሩ። ጉዳዩ በዚያ ተዘጋ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ንጋቷን ከትምህርት በኋላ ለብቻዋ ወረቀት ያስይዟት ጀመር።

ሰኔ መጣ። የወላጆች ቀን የሚከበርበት አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጣውላ ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዶች ከፊት ተቀመጡ፤ ወላጆች አግዳሚውን ሞሉት። ሁለት ግጥም ቀረበ፣ ሪፖርት ተነበበ። ጋሽ ባየ አንድ የተዋሱት ኮት እጅጌው አጥሯቸው፣ ልጆቹን ከጓሮ አሰልፈው ሪከርደራቸውን በብብታቸው ያስሞቋቸው ነበር፤ ቀዝቃዛ ከሆነ በእንፋሎት ይደፈናልና። ልክ አርባው ልጆች መድረክ ላይ ወጥተው የመጀመሪያውን ድምፅ ሲነፉ ሰማዩ ተከፈተ።

የሚዛንን ዝናብ በቆርቆሮ ሥር ሆኖ ያልሰማ ሰው ይህን አይረዳኝም። ልጆቹ ይነፋሉ፤ ጣቶቻቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ የሚሰማ ግን የለም። ከኋላ «አይሰማም!» አለ አንዱ። አቶ ዓለምሰገድ ላብ አጠመቃቸው፤ ከመቀመጫቸው ተነስተው መዳፋቸውን ወደ ላይ እያነሱ ጨምሩ፣ ጨምሩ ይላሉ። ንጋቷን አየኋት። ጉንጮቿ ማበጥ ጀመሩ። ትዝ ይለኛል፣ «አለቀ» አልኩ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ወደ እኔ ሊመጣ ነው፤ እኔ ደግሞ ማልቀስ አማረኝ።

ጋሽ ባየ እጃቸውን አንስተው ልጆቹን አስቆሙ። ከዚያ ወደ አቶ ዓለምሰገድ ዞሩና ያን የድሮ ድምፃቸውን ከዝናቡ በላይ አሰሙ።

«ይሄ ዕቃ ሲጨምሩለት አይጨምርም፤ ይጮሃል። ልጆቹ አይጨምሩም፤ እኛ እንቀርባቸዋለን።»

ልጆቹን ከመድረኩ አውርደው በአግዳሚዎቹ መካከል በተኑዋቸው። አንዱ በአባቱ ጉልበት አጠገብ፣ ሌላዋ ከእንግዶቹ ፊት፣ ንጋቷ ደግሞ ለበዓሉ ከሸዋ ቤንች በመጣችው እናቷና በአክስቷ መካከል። ጋሽ ባየ በመተላለፊያው ላይ ጎንበስ ብለው፣ አንዲት ቀጭን ወረቀት በጣታቸው ይዘው፣ በትንፋሻቸው ዘንበል አደረጓት። ልጆቹ ወረቀቷን አይተው ጀመሩ።

ዝናቡ አልቆመም። ነገር ግን ሰው ሁሉ ጆሮው አጠገብ ወዳለው ልጅ ተጠጋ፤ የሚያወራው አፉን ያዘ። ዜማው ከአዳራሹ ውስጥ ከየአቅጣጫው እየወጣ ሲገናኝ ይሰማ ነበር። ከእኔ ፊት ያሉት አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ከንጋቷ ጣቶች ላይ ዓይኔን አላነሳሁም፤ ሲ፣ ላ፣ ሶል፣ ወረደች፤ ፋ፤ ስድስቱም ጣቶች ተኙ፤ አውራ ጣቷ ከኋላ ጥብቅ አለ። ሬ መጣች። ዝቅ ያለች፣ ሙሉ፣ የማትንቀጠቀጥ። ንጋቷ ትንፋሿ እስኪያልቅ ድረስ ያዘቻት። እናቷ የልጇን ትከሻ ይዛ ታያት ነበር።

አንድም ጩኸት የለም። ማንም አላጨበጨበም፤ ያላለቀ መስሏቸው ነው። ከዚያ አንዱ ጀመረና ቆርቆሮውን ከዝናቡ ቀማነው። እኔ አግዳሚ ላይ ቆሜ አጨብጭቤአለሁ፤ የሒሳብ መምህር በዚያ ዕድሜ የማያደርገው ነገር ነው።

አንደኛው እንግዳ ፈገግ ብለው ርዕሰ መምህሩም ይሞክሩ እንደሆነ ጠየቁ። አዳራሹ ተባበረ። አቶ ዓለምሰገድ ክራባታቸውን አስተካክለው የንጋቷን ሪከርደር ተቀበሉ፣ በመሐረባቸው ጠረጉት፣ ደረታቸውን ነፉና ነፉበት። ጩኸቷ ጣሪያውን ቀደደችው። የዚያን ቀን የተሰማች ብቸኛዋ ጩኸት እርሷ ናት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እንግዶቹም፣ ልጆቹም፣ እኔም። አቶ ዓለምሰገድ ውላቸው ትዝ ሳይላቸው አልቀረም፤ ፊታቸው ቀላ።

ያልሳቁት ጋሽ ባየ ብቻ ነበሩ። ቀረብ ብለው የርዕሰ መምህሩን ጣቶች አንድ በአንድ ይዘው ቀዳዳዎቹ ላይ አስተኟቸው፤ ጫፉን ሳይሆን ሥጋውን። አቶ ዓለምሰገድ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ቀጥ ብለው ቆመው ጣታቸውን አዩ፤ ከዚያ ቀና አሉ።

«እሺ፣ መምህር» አሉ። «ከዚህ ቀጥሎ ምን ላድርግ?»

ጋሽ ባየ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ያ አማን ድረስ የሚሰማ ድምፅ አልወጣ አላቸው። በተዋሱት ኮት አጭር እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ሰው ሁሉ እያየ አለቀሱ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ከቅርብ ያለነው ብቻ በሰማነው ድምፅ፣ «ትንሽ ይተንፍሱ» አሉ።